ጠባቧን መግቢያ እንዴት እንዳሰናዳኋት

የምንኖረው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚገኘው ጠባብ መተላለፊያ ነው። ስፋቱ 120 ሳንቲ ሜትር ነው። ከበሩ እስከ መታጠቢያ ቤቱ መግቢያ ድረስ ያለው የቀኝ ግድግዳ ደግሞ 150 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። እዚህች ቦታ ላይ ነው ጫማ የሚወልቀው፣ ጃኬት የሚሰቀለው፣ የልጁ ቦርሳ የሚጣለው፣ በክረምት ደግሞ ጃንጥላ የሚንጠባጠበው። እናቴ ስትመጣ በአንድ እጇ ግድግዳ ይዛ በአንድ እግሯ ቆማ ጫማዋን ስታወልቅ ማየት አልቻልኩም። ጉልበቷን ያማታል። ሥራውን የጀመርኩት በእሷ ምክንያት ነው።

ጫማ፣ መስቀያና መቀመጫ ሦስቱም የሚፈልጉት ያንኑ አንድ ግድግዳ ነው። በግራ በኩል ያለው ግድግዳ በሩ ተከፍቶ የሚያርፍበት ስለሆነ ከሒሳብ ውጭ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማወቅ የነበረብኝ ቀኙ ግድግዳ ላይ ስንት ሳንቲ ሜትር በእርግጥ የእኔ እንደሆነ ነው።

ይህን የነገረኝ ጠመኔ ነው። በሩን ቀስ እያልኩ እየከፈትኩ ጫፉ የሚሄድበትን መስመር ወለሉ ላይ አሰመርኩ። የበሩ ስፋት 90 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ማጠፊያው ከግራው ግድግዳ 10 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ተተክሏል። የወጣው መስመር ሩብ ክብ መሳይ ቅስት ነው። ከዚያ ከቀኙ ግድግዳ 35 ሳንቲ ሜትር ለክቼ ሌላ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ፤ የአግዳሚ ወንበሩ ጥልቀት ያ እንዲሆን ስላሰብኩ ነው። ሁለቱ መስመሮች የተገናኙት ከበሩ 50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ስለዚህ አግዳሚው ከ50 ሳንቲ ሜትር ቀድሞ ከጀመረ በሩ ይመታዋል ማለት ነው። ትንሽ ትርፍ ትቼ 53 ላይ አስጀመርኩት፤ ርዝመቱም 95 ሆነ። ለመተላለፊያ 85 ሳንቲ ሜትር ቀረ። ዘንቢል የያዘ ሰው ሳይነካካ ያልፋል።

በሩ አጠገብ የቀረችው 53 ሳንቲ ሜትርም ባዶ አይደለችም። በሩ ከግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል እርቆ ስለሚያልፍ ቀጭን ነገር ያስቆማል። የፍሳሽ ቱቦ የሚሠራበትን ባለ 11 ሳንቲ ሜትር ፕላስቲክ ቱቦ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ አስቆርጬ ዝቅ ያለ የአበባ ማሰሮ ውስጥ አቆምኩት። ጃንጥላዎቹ እዚያ ይገባሉ፤ ውኃው ማሰሮው ውስጥ ይጠራቀማል። ከላዩ የብሬከሩ ሳጥን ስላለ ሌላ ምንም አላደረግኩበትም። መብራት ሲቆራረጥ ልብስ እያነሱ ብሬከር መፈለግ አያስፈልግም።

ቀጥሎ የጫማው ጉዳይ መጣ። ገበያ ላይ ጫማውን አዘንብሎ የሚይዝ፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ቁም ሳጥን ይገኛል። በጣም ለጠባብ ቤት ጥሩ ነው። ግን አይቀመጡበትም፤ ደግሞም ዝግ ነው። የአዲስ አበባን ክረምት የሚያውቅ ሰው እርጥብ የቆዳ ጫማ ዝግ ሳጥን ውስጥ ከተደረገ በጥቂት ቀን ውስጥ ነጭ ሻጋታ እንደሚያወጣ ያውቃል። ስለዚህ ክፍት መደርደሪያ መረጥኩ፤ ክዳኑም መቀመጫው ራሱ ነው።

የመቀመጫውን ከፍታ የወሰነችው እናቴ ናት። ከምግብ ጠረጴዛችን ወንበሮች የትኛው ላይ ተቀምጣ በቀላሉ እንደምትነሳ አይቼ ለካሁት፤ 45 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ከዚያ በታች ከሆነ ጉልበት ያስጨንቃል፤ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ክር ማሰር ይከብዳል። ከ45ቱ ላይ ስፖንጁና ጣውላው 6 ይወስዳሉ። የታችኛውን መደርደሪያ ከወለሉ 8 ሳንቲ ሜትር አነሳሁት፤ መወልወያ ከሥሩ መግባት አለበት። የሁለቱ መደርደሪያዎች ውፍረት ሲቀነስ ለእያንዳንዱ ረድፍ 13 ሳንቲ ሜትር ተኩል ቁመት ቀረ። ለተራ ጫማና ለስኒከር ይበቃል፤ ለቦት ጫማ አይበቃም። የባለቤቴ ጫማ 43 ቁጥር ሲሆን 30 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ 35 ጥልቀት ላይ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ አፍንጫውም አይወጣም። አንድ ጥንድ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ስለሚፈልግ በአንድ ረድፍ አምስት፣ በሁለቱ አሥር ጥንድ ይይዛል።

አሥር ጥንድ ለሦስት ሰው ቤት ብዙ ይመስላል። የለም፣ ወዲያው ይሞላል። እኛ የያዝነው ደንብ ለአንድ ሰው ሁለት ጥንድ ነው፤ የቀሩት አራት ቦታዎች የነጠላ ጫማና የእንግዳ ናቸው። የክት ጫማ መኝታ ቤት አልጋ ሥር ይገባል። ይህ ደንብ ከላላ የትኛውም መደርደሪያ አያድንም፤ ጫማው እንደገና ወለሉ ላይ ይደረደራል።

ኤምዲኤፍና ቺፑድ ርካሽና የሚያምሩ ቢሆኑም ለዚህ ቦታ አልፈለግኋቸውም። እኛ ቤት ወለል የሚጸዳው በውኃ ነው፤ ውኃ የነካው ኤምዲኤፍ ደግሞ ከሥሩ ያብጥና እንደ እርጥብ ዳቦ ይፈረፈራል። ስለዚህ አጽሙን ሰፈር ያለ ብየዳ ቤት በ25 በ25 ሚሊ ሜትር የብረት ቱቦ አሠራሁት። የዝገት መከላከያ ቀለም ተቀባ፤ እግሮቹ ላይ ጎማ ገባ። መደርደሪያዎቹን በአንድ ሳንቲ ሜትር ክፍተት በተደረደሩ ቀጫጭን ጣውላዎች አረባረብኩ። ጭቃው ደርቆ ሲረግፍ በክፍተቱ ያልፋል፤ አየርም ይዘዋወራል። ከሥር ዙሪያው ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ የታጠፈ የላሜራ ትሪ አለ። በክረምት እሱ ብቻ ተስቦ ወጥቶ ይታጠባል። ቀጭን ታኮ በክፍተቱ ስለሚሾልክ ባለ ታኮ ጫማ ተረከዙ ጣውላው ላይ እንዲያርፍ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ብዙ ያሰብኩበት ግን መስቀያው ነው። የኮንዶሚኒየም የውስጥ ግድግዳ በአብዛኛው ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት ነው የሚሠራው። ከላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ልስን፣ ከሥሩ ቀጭን የብሎኬት ቅርፊት፣ ከዚያ ባዶ። ድሪል ሲይዙ በእጅ ይታወቃል፤ መጀመሪያ ያስቸግራል፣ ከዚያ በድንገት ዘፍ ይላል። ብሎን እንዲይዝ ቀዳዳ ውስጥ የሚከተተው ተራ የፕላስቲክ ፊሸር እዚያ ባዶ ውስጥ የሚጨብጠው ነገር የለውም። ብሎኑ ሲጠብቅ ቆይቶ መቆም ሲገባው ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ያንን ካያችሁ ያ ቀዳዳ ክብደት አይሸከምም። ከእኛ በፊት የነበሩት ተከራዮች የሰቀሉት መስቀያ ልስኑን ይዞ ወርዶ፣ ግድግዳው ላይ መዳፍ የሚያህል ጉድጓድ ትቶ ነበር።

እኔ ደግሞ የሰው ቤት ግድግዳ መበሳሳት አልፈለግኩም። ስለዚህ ክብደቱ ግድግዳው ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ እንዲያርፍ አደረግኩ። ከአግዳሚው የኋላ እግሮች ጋር ሁለት የብረት ቋሚዎች ታሰሩ፤ ከወለሉ 175 ሳንቲ ሜትር ይቆማሉ። መስቀያዎቹ የተመቱት ቋሚዎቹን በሚያያይዘው ጣውላ ላይ ነው። የልብሱ ክብደት በአግዳሚው እግሮች መሃል ስለሚወርድ ነገሩ በራሱ ይቆማል። ያም ሆኖ ሰው ይጎትተዋል፣ ልጅ ይንጠለጠልበታል፤ ስለዚህ ከላይ በሁለት ቦታ ከግድግዳው ጋር መታሰር አለበት። ለዚያ መጀመሪያ ግድግዳውን በቀጭን መሰርሰሪያ ሞክሬ፣ ዘፍ የማይልበትን፣ ብሎኬትና ብሎኬት በሲሚንቶ የተገናኙበትን ቦታ ፈለግኩ። ረጅም ፊሸር ገባ፤ ጠበቀ። ቤቱን ስንለቅ የሚደፈኑት ቀዳዳዎች እነዚያ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ቋሚዎቹን የአግዳሚውን ሙሉ ርዝመት እንዲይዙ አላደረግኩም። የሰፈሩ በያጅ «ከዳር እስከ ዳር ይሁን፣ ያምራል» ብሎኝ ነበር። ግን ሰው 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ሲቀመጥ ጭንቅላቱ ወደ 130 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ 170 ላይ የተሰቀለ ካፖርት ደግሞ እስከ 80 ድረስ ይወርዳል። ልብሱ ፊት ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ አግዳሚውን ለሁለት ከፈልኩት። ለበሩ የሚቀርበው 45 ሳንቲ ሜትር የመስቀያ ነው፤ ከሥሩ ያለው መቀመጫ ቦርሳና ዘንቢል ይቀመጥበታል። ራቅ ያለው 50 ሳንቲ ሜትር የሰው ነው፣ ከላዩ ምንም አይሰቀልም። አንድ ሰው ሳይጨናነቅ ይቀመጥበታል።

መስቀያዎቹ አምስት ናቸው። 170 ላይ ሦስት፣ 110 ላይ ሁለት። የታችኞቹ የልጁ ናቸው። የትምህርት ቤት ጃኬቱን ራሱ ይሰቅላል፤ ድሮ የሚደርስበት ስላልነበረ ነበር ወለል ላይ የሚጥለው። የትልቅ ሰው ልብስ የልጁን እንዳይሸፍን፣ ረጃጅሙ ካፖርትና ጋቢ በአንድ ጎን ይሰቀላል፤ ከልጁ መስቀያ በላይ ያለው ለባርኔጣና ለነጠላ ብቻ ነው። በሁለት መስቀያ መካከል ከ15 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ወፍራም ጃኬቶች ይገፋፋሉና አንዱ ሲነሳ ሌላው ይወድቃል።

ያላሰብኩት ጥቅምም ተገኘ። ለመቀመጫው ቅርብ የሆነው ቋሚ እናቴ ስትነሳ የምትይዘው ሆነ። «እሰይ ልጄ፣ ይሄ ብረት ከዱላዬ ይሻላል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የላይኞቹን ብሎኖች አልፎ አልፎ በእጄ እነካካለሁ። ቋሚው ሲያዝ ትንሽ እንኳ ከተነቃነቀ፣ ወይም በብሎኑ ዙሪያ ልስኑ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ከታየ፣ ፊሸሩ መላላት ጀምሯል ማለት ነው። ያኔ ማጥበቁ ብቻ አይበቃም፤ ቀዳዳው ተደፍኖ ጥቂት ፈንጠር ብሎ ሌላ ይበሳል።

በዓል ሲመጣ ግን መግቢያዋ አትችለውም። ዘመድ ሲሰበሰብ ጫማው በሩ ደጅ ድረስ ይደረደራል፤ ጋቢና ካፖርቱን አልጋ ላይ እንከምራለን። ለዕለት ተዕለቱ ተብሎ የተለካ ነገር የፋሲካን እንግዳ እንዲይዝ ማስፋት መተላለፊያውን ይዘጋዋል፤ ለእኔ ያ አያዋጣም።

ተከራይ ከሆናችሁ ቋሚዎቹን ከአግዳሚው ጋር አታስበይዱ። የእኛው በሁለት በሁለት ብሎንና ዳዶ ነው የታሰረው። ቤት ስንቀይር ይፈታል፤ አግዳሚው በአንድ ሰው ትከሻ፣ ቋሚዎቹ በሌላው እጅ ሆነው በኮንዶሚኒየም ደረጃ ያለችግር ይወርዳሉ። አዲሱ ቤት በሩ በሌላ አቅጣጫ ቢከፈት ደግሞ ቋሚዎቹን ወደ ሌላኛው ጫፍ ማዞር እንዲቻል የብሎኑን ቀዳዳዎች በሁሉም የኋላ እግሮች ላይ ከመጀመሪያው አስበስቻለሁ። መሃል ላይ አንድ ተጨማሪ እግር ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።