ናይለኑን አይቶ መሶቡን «አዲስ» አለው

የድሮ መሶብ፣ አገልግል ወይም ቅል ዕድሜ ለመገመት የምታስቡ ካላችሁ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ማንም እንዳያጥበው። እናንተም፣ ዘመድም፣ በተለይ ደግሞ «ባለሙያ ነኝ» የሚል ሰው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር የአያቴ መሶብ ዛሬ እንዲህ ባልሆነ ነበር።

መሶቡ የእናቴ እናት ንብረት ነው፤ ጎጃም ነው የኖረው። አያቴ ካረፉ በኋላ ቤተሰቡ በቅርስነት ይመዝገብ አለ፤ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። አጎቴ «ከአድዋ በፊት የተሰፋ ነው» ይላል። እናቴ ደግሞ «እኔ ነፍስ ሳውቅ አሮጌ ነበር» ከማለት አታልፍም። ሁለቱንም ጻፍኩና ወደ ጎን አስቀመጥኩ። የቤተሰብ ታሪክ መጨረሻ ላይ ለማመሳከሪያ ይጠቅማል። መጀመሪያ ከሰሙት ግን ዓይን የሰማውን ፍለጋ ይሄዳል።

ፎቶ ማንሳቱ ቀላል ነው። መስኮት አጠገብ አድርጎ፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ፣ ማስመሪያ ከጎኑ አስቀምጦ ሁሉንም ገጽታ ማንሳት ነው። ሲገላበጥ ከመሶቡ የወደቀውን ቁራጭ ሣርና ክር ሁሉ በወረቀት ፖስታ ውስጥ ከተትኩ፤ ከየት እንደወደቀም ላዩ ላይ ጻፍኩ። ይህ ፖስታ በኋላ አድኖኛል።

ቀጥሎ ያየሁት ያለቀውን ቦታ ነው። መሶብ በሁሉም በኩል እኩል አያልቅም። የሚያልቀው የእግሩ ጠርዝ ነው፤ ወለል ላይ ይጎተታላ። ክዳኑ የሚገጥምበት አፍ ያልቃል። ሲነሳ እጅ የሚይዘው ቦታ ይለሰልሳል። በእነዚህ ቦታዎች የላይኛው ስፌት በየዙሩ ጀርባ ላይ ይበጠሳል፤ ውስጥ ያለው ሣር ይወጣና ጫፉ እየደነዘዘ ይሄዳል። በዙርና በዙር መካከል ያለው ጎድጓዳ ግን ደህና ሆኖ ይቀራል። ጎድጓዳውም ጀርባውም እኩል የተፋቀ ዕቃ ካያችሁ፣ በብሩሽ ወይም በአሸዋ ወረቀት «ያስረጁት» ነው። ጥቀርሻም እንዲሁ ነው። የወጥ ቤት ጭስ ለዓመታት ሲቀመጥ ወደ ላይ የሚያየው በኩል ይጠቁራል፤ ቆዳ የሸፈነው ቦታ ነጣ ብሎ ይቀራል። ለቱሪስት ተብሎ በአንድ ቀን የታጠነ ዕቃ ግን ዙሪያውን አንድ ዓይነት ጥቁር ነው፤ እርጥብ ጥጥ ሲነካው ይለቃል።

ማለቅ ግን ዓመት አይቆጥርም። በእበት በተለቀለቀ ወለል ላይ ጠዋት ማታ የሚቀርብ መሶብ፣ ለድግስ ብቻ ከሚወጣ መሶብ ብዙ ቀድሞ ያልቃል። የቀለም መገርጣትም እንደዚያው ነው። ፀሐይ የሚገባበት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰፌድ በጥቂት ዓመት ሊገረጣ ይችላል። ስለዚህ «በጣም አልቋል፣ ገርጥቷል፣ መቶ ዓመት ይሆነዋል» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ አትመኑት።

ቀለም የሚናገረው የተደበቀው በኩል ሲታይ ነው። የአያቴ መሶብ አለላ ከውጭ ሲታይ ወደ ቡኒ የሄደ ነው። አንድ የላላ ስፌት በመርፌ ጫፍ ቀስ ብዬ ሳነሳ ግን ከሥሩ ደማቅ ሐምራዊ ቀይ ወጣ። ሐሰተኛ ብር በሚለዩበት ሰማያዊ መብራት ጨለማ ውስጥ ሳየው ብርቱካናማ ሆኖ ደመቀ። አንዳንድ የዕፅዋት ቀለምም በዚህ መብራት ደብዘዝ ብሎ ይታያል። እንዲህ የሚነድ ብርቱካናማ ግን ሮዳሚን የሚባለው የፋብሪካ ቀለም ጠባይ ነው። ሮዳሚን መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። አድዋ 1896 ነው። አውሮፓ ውስጥ የተፈለሰፈ ቀለም በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጎጃም ገጠር ገብቶ አለላ ተነከረበት ማለት ይከብዳል። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ የውጭ ሸቀጥ ወደ መሀል አገር መግባት የቀለለው ከዚያ ወዲህ ነው። አጎቴ ይህን ስነግረው አልወደደውም። ቢሆንም መሶቡ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ማረጋገጫው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው፤ የመብራቱ ግን ጠንካራ ምልክት ነው።

ዋናው ነገር ጥገናው ነው። እግሩ ላይ ሁለት ጥገና አለ። የመጀመሪያው ጠርዙን ዙሪያውን የሸፈነ የፍየል ቆዳ ነው። የተሰፋበት ክር በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ነው፤ አንድ ቦታ ወፍራም፣ አንድ ቦታ ቀጭን። የፋብሪካ ክር ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፤ ሲፈታም ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቀጭን ክር ይሆናል። ሁለተኛው ጥገና ያ ቆዳ በተቀደደበት ላይ የተለጠፈ ሌላ ቁራጭ ቆዳ ነው፤ የተሰፋው በናይለን ነው። ከናይለኑ ጫፍ ትንሽ ቆርጬ በክብሪት ስነካው ቀልጦ ጠጣር ነጥብ ሆነ። ጥጥ ቢሆን እንደ ወረቀት ሽታ እየሸተተ አመድ ይሆን ነበር።

እንግዲህ በቅደም ተከተል አንብቡት። በቆዳው ክፍተት አጮልቄ ሳይ፣ ከቆዳው ሥር ያለው የመሶቡ ጠርዝ ራሱ ያለቀ ነው። ማለት ቆዳው ሲለበስ መሶቡ አሮጌ ነበር። ናይለኑ ሲመጣ ደግሞ ቆዳው አልቆ ነበር። ናይለን ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። የቤተሰብ ታሪክ የገባው እዚህ ላይ ነው፤ እናቴ ይህን ጥገና አያቴ ሲሰፉ ተቀምጣ አይታለች፤ ያኔ ንጉሡ ገና አልወረዱም። ስለዚህ ናይለኑ ከ1974 በፊት ነው፤ ከእሱ በፊት ደግሞ አንድ ሙሉ የቆዳ ዕድሜና አንድ ሙሉ የእግር ዕድሜ አልፏል። እኔ የጻፍኩት «ከ1900ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1940ዎቹ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ.» የሚል ነው። ከዚህ አጥብቦ የሚነግራችሁ ሰው ከራሱ ነው የሚጨምረው።

ከዚያው ቤት የመጣ የተሰነጠቀ የቅቤ ቅልም አለኝ። እሱም በዚሁ መንገድ ይነበባል። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ክር የገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ዙሪያቸው የከሰለ ነው፤ በጋለ ወስፌ ተበስተዋል። ክሩ ሲጎተት ኖሮ ቀዳዳዎቹን ወደ ስንጥቁ በኩል አስረዝሟቸዋል። ትናንት ለገበያ «የተጠገነ» ቅል ቀዳዳው ክብ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። መሶቡን ወደ መዝጋቢው ቢሮ ወሰድኩት። ቅጹ «ዕድሜ በዓመት» ብሎ አንድ ጠባብ ቦታ ይሰጣል። ከዚህ እስከዚህ ብሎ መጻፍ አይቻልም አሉኝ። ተረካቢው ባለሙያ መሶቡን ገለበጠ፣ ናይለኑን አየ፣ ጨረሰ።

«እህቴ፣ ናይለን ያለበት ዕቃ እንዴት ቅርስ ይሆናል?»

«ናይለኑ የመጨረሻው ጥገና ነው» አልኩት። «የመሶቡን ዕድሜ ሳይሆን የጥገናውን ነው የሚያሳየው።»

«50» ብሎ ጻፈ።

ተከራከርኩ። ቆዳውን አሳየሁት፣ ስለ ሰማያዊው መብራትም አስረዳሁት። አዲስ ፋብሪካ ያነጣው ጥጥ በመብራቱ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል፤ ይህ ማንጫ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የአያቴ ፈትል አያበራም። ጥሩ፣ ዕቃው ይቆይና ከሌላ ባለሙያ ጋር እንየው አሉኝ፤ ደረሰኝ ሰጡኝ።

ስመለስ መሶቡ ታጥቧል። «ለፎቶ እንዲመች አጸዳነው፤ መመሪያው ከፎቶ በፊት ይጽዳ ይላል» አሉ። የናይለኑ ቁራጭ ከቦታው ተቆርጦ ወጥቷል። በቆዳውና በእግሩ መካከል የተጋገረው ጥቀርሻና አቧራ የለም፤ ቆዳው በቅርቡ እንዳልተለጠፈ የሚመሰክረው እሱ ነበር። ሐምራዊው ቀለም ወደ ጎረቤቱ ነጭ ሣር ፈሷል። ያጠቡት ደግሞ በልብስ ዱቄት ሳሙና ነው።

የከፋው ገና ነው። አዲሱ ባለሙያ እኔ ያስተማርኳቸውን መብራት አምጥቶ ክሩ ላይ አበራ። ክሩ ቦግ አለ። «ይኸው ያበራል፤ ፋብሪካ ክር ነው» አለኝ። ቆሜ ቀረሁ። የልብስ ሳሙና ውስጥ ያው ማንጫ አለ! ጥጥ ላይ ይጣበቃል፤ በውኃ ብታለቀልቁትም በቀላሉ አይለቅም። በእንዝርት የተፈተለን ክር አጥበው የፋብሪካ አስመሰሉት፤ ከዚያ ራሳቸው ያስገቡትን ማስረጃ መልሰው አነበቡልኝ።

ፖስታው የዋለልኝ እዚህ ላይ ነው። ሳይታጠብ በፊት ከዚያው ስፌት የወደቀች አጭር ክር ነበረችኝ። ከታጠበው ጎን አድርጌ መብራቱን አበራሁ። አንዱ ያበራል፣ ሌላዋ ጨለማ ናት፤ ሁለቱም እኩል ወጣ ገባ ፈትል ናቸው። ዝም ተባለ። በመጨረሻ «ምርመራ» በሚለው ዓምድ የእኔን ግምት ጻፉት። ዕድሜ በሚለው ቦታ ግን 50 እንዳለ ነው፤ የተቆረጠውንም ቁራጭ አላገኙትም። እስካሁን ያናድደኛል።

መመሪያው አጽድታችሁ ፎቶ አንሱ ይላል፤ እኔ ከነጥቀርሻው አንሱ እላለሁ። አቧራው ካስጠላችሁ ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል፤ እሱም ከጥገናው ይራቅ። ቅጹ አንድ ቁጥር ቢልም «ከ… እስከ…» ብላችሁ ጻፉ፤ ቦታው ካልበቃ ጠርዙ ላይ ጻፉ። የጥገና ክር ናሙና ዕቃው ከቤት ሳይወጣ ውሰዱና እቤት አስቀሩት። ካርቦን 14 በሚባለው የዕድሜ መለኪያ እናስመርምር የሚላችሁ ካለ፣ ናሙናው ከዋናው ስፌት እንጂ ከጥገና ሣር እንዳይሆን ቆማችሁ ተቆጣጠሩ። ምርመራው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ የታጨደን ሣር በኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች ምክንያት ጥሩ አድርጎ ይለያል፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት መቶ ዓመታት ግን መልሱ በጣም ሰፊ ነው። ለእኛ መሶብ «ከ1955 በፊት» ከማለት ብዙም አያልፍም፤ ገንዘቡ አያዋጣም ብዬ ትቼዋለሁ።

ደረሰኝ ስትቀበሉም «አይታጠብ፣ ጥገናው አይነካ» የሚል በእጅ ይጻፍበትና ተረካቢው ይፈርም። ቅሉን ስወስድ እንዲህ አደረግሁ። ተረካቢው አጉረመረመ፤ ፈረመ፤ ቅሉ ከነቅቤ ሽታው ተመለሰልኝ።