የግንባታ ፈቃድ ፕላኔን ያስመለሰው ደረጃው ነው

ለግንባታ ፈቃድ የሚገቡት ወረቀቶች በአብዛኛው ይታወቃሉ። ሳይት ፕላኑ የቦታውን ወሰን፣ የሰሜን አቅጣጫውን፣ ቤቱ ከወሰኑ የሚርቅበትን ልክና መግቢያውን ያሳያል። ከዚያ የየወለሉ ፕላን፣ የአራቱም ጎን ገጽታ፣ ቤቱን ከላይ እስከ ታች ቆርጦ ውስጡን የሚያሳየው ሴክሽን፣ የጣሪያ ፕላን፣ ስትራክቸራል፣ ኤሌክትሪካልና ሳኒተሪ ይከተላሉ። እነዚህን ማሟላት አላስቸገረኝም።

ያስቸገረኝ የባለ አንድ ፎቅ ቤቴ ደረጃ ነው። መርማሪው ፕላኑን የመለሰልኝ «ፕላንና ሴክሽን አይጣጣሙም» ብሎ ብቻ ነው። የትኛው ገጽ? የቱ ጋ? ምንም የለም። አሁንም ያናድደኛል። የገጹን ቁጥር ቢጽፍ ምን ነበረበት?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወለል ወለል ያለው ከፍታ መጀመሪያ 3.00 ሜትር ነበር። በኋላ 3.20 ሆነ። አርክቴክቱ ሴክሽኑን አስተካክሎ 20 እርከን አደረገው፤ እያንዳንዱ 16 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። የወለል ፕላኑ ላይ ግን የድሮው 18 እርከን ቀረ።

ሁለት እርከን ብቻ አይደለም የተለወጠው። ደረጃው መሃል ላይ ማረፊያ ስላለው በሁለት ይከፈላል። የየወገኑ የመጨረሻ እርከን ማረፊያው ወይም ወለሉ ላይ ስለሚያደርስ መርገጫው ከእርከኑ በአንድ ያንሳል። በፊት በአንድ ወገን 8 መርገጫ ነበር፤ አሁን 9 ሆነ። አንዱ መርገጫ 28 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ 2.24 ሜትር የነበረው ርዝመት 2.52 ይሆናል። ማረፊያው 1.20 ነበር። የደረጃው ቤት 3.44 ሜትር ሆኖ ከቀረ ማረፊያው ወደ 92 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ከደረጃው ስፋት ያንሳል ማለት ነው። ይህ ደግሞ ሌላ ውድቅ የሚያደርግ ነገር ነው። የደረጃውን ቤት 3.72 ሜትር ማድረግ ነበረብን። ያኔ ሶሌታው ላይ የሚተወው ክፍተትም፣ ዙሪያው ያሉት ቢሞችም ተቀየሩ። ስትራክቸራሉ ባይነካ ኖሮ ያው አስተያየት እንደገና ይመጣ ነበር።

መመሪያው የወረቀቱን ዝርዝር አሟላ ይላል። እኔ ግን ዝርዝሩ ላይ ምልክት ማድረግ አይበቃም እላለሁ። ከማስገባታችሁ በፊት ሁሉንም አትሙና በስክሪን ሳይሆን በወረቀት፣ በቀይ እስክሪብቶ እዩት። ከደረጃው ጀምሩ። እርከኑን ፕላኑ ላይም ሴክሽኑ ላይም ቁጠሩ። ቁጥሩን በአንዱ እርከን ከፍታ አባዙት፤ ሴክሽኑ ላይ ከተጻፈው የወለል ከፍታ ጋር እኩል መምጣት አለበት። ካልመጣ አንዱ ገጽ የቆየ ነው። የሴክሽን መስመሩም በደረጃው በኩል ይለፍ። በባዶ ሳሎን መሃል የሚያልፍ ሴክሽን ለመሳል ይቀላል፤ ለመርማሪው ግን የሚያሳየው ነገር የለም።

ስትመልሱ የተቀየረውን ቦታ በደመና መስመር ክበቡና ቀኑን ጻፉበት። ከላዩ አንድ ገጽ መልስ አያይዙ፦ አስተያየቱ ይህ ነበር፣ የተስተካከለው በዚህ ገጽ ነው። እነሱ የገጽ ቁጥር ባይሰጡም እናንተ ስጡ። የእኔ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።