«ይረዳሉ» ከሚለው ዓላማ ወደ «ያሳርፋሉ»፦ የመረብ ኳስ ምዕራፍን እንደገና ስጽፍ

ከእኔ በፊት ሲሠራበት በቆየው የ9ኛ ክፍል የመረብ ኳስ እቅድ ላይ የመጀመሪያው ዓላማ «ተማሪዎች የመረብ ኳስ መሠረታዊ ክህሎቶችን ይረዳሉ» ይል ነበር። ሁለተኛው «የሰርቭ አመታትን ያውቃሉ»፣ ሦስተኛው «የቡድን ሥራን ያደንቃሉ»። ምዘናው ከገጹ ግርጌ በአንድ መስመር ተቀምጧል፦ «የተግባርና የጽሑፍ ፈተና»። የሰውነት ማጎልመሻ ያስተማረ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ እቅድ በእጁ አልፏል።

ችግሩ የሚወጣው ሜዳ ላይ ነው። 60 ተማሪ ተሰልፏል፣ አንዱ ወጥቶ ሰርቭ መታ። ኳሷ መረቡን ነክታ ወደቀች። ይህ ልጅ ተረድቷል ወይስ አልተረዳም? ከ10 ስንት ይገባዋል? እቅዱ መልስ የለውም። ለመምህሩ የቀረው አማራጭ በዓይን ገምቶ ማርክ መስጠት ነው። በግምት ሲሆን ደግሞ ቁመቱ የረዘመው፣ ክንዱ የጠነከረው፣ ሰፈር ውስጥ ሲጫወት ያደገው ልጅ ከፍተኛውን ይወስዳል። እኔ ያስተማርኩት ነገር የት እንደገባ አይታወቅም።

ሥራውን የጀመርኩት ከግሶቹ ነው። እያንዳንዱን ዓላማ ይዤ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፦ ሜዳው ዳር ቆሜ ተማሪው ይህን ሲያደርግ አያለሁ? «ይረዳሉ» አይታይም። «ያውቃሉ»ም አይታይም። «ይመታል»፣ «ያሳርፋል»፣ «ይቀበላል»፣ «ይጠቁማል»፣ «ይመርጣል» ግን ይታያሉ። ሮበርት ሜገር የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1962 ለዓላማ አጻጻፍ ሦስት ክፍሎችን አስቀምጦ ነበር፦ ተማሪው የሚያደርገው ነገር፣ የሚያደርግበት ሁኔታ እና «በቃ፣ ችሏል» የሚያሰኘው ልክ። ለስፖርት ትምህርት ከዚህ የተሻለ ቀላል መሣሪያ አላገኘሁም።

የሰርቩ ዓላማ በዚህ መንገድ ሲጻፍ እንዲህ ሆነ፦ «ተማሪው ከመረቡ 6 ሜትር ርቆ ቆሞ፣ 2.24 ሜትር ከፍታ ላይ በተሰቀለ መረብ ላይ፣ ከታች ወደ ላይ በሚመታ ሰርቭ ከ5 ሙከራ ቢያንስ 3ቱን በተቃራኒው ሜዳ ውስጥ ያሳርፋል።» ሕጋዊው የሰርቭ ቦታ ከሜዳው የኋላ መስመር ውጭ ነው፤ ከመረቡ 9 ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ለጀማሪ ግን 9 ሜትር ሲሆን የሚለካው ጉልበት እንጂ አመታት አይደለም። ተማሪው ኳሷን ለማድረስ ብሎ ትከሻውን ያጣምማል፣ በጡጫ ይመታል፣ የተማረውን ሁሉ ይጥላል። 6 ሜትር ላይ አመታቱ ትክክል ከሆነ ኳሷ ያለ ብዙ ጉልበት ታልፋለች።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ያሰብኩበት ነገር አለ። «ያሳርፋል» ውጤትን ብቻ ነው የሚያየው። በተሳሳተ አመታት 3 ኳስ የሚያሳልፍ ልጅ ሞልቷል። በትክክለኛ አመታት 2 ብቻ የሚያሳልፍም አለ። ያስተማርኩት አመታቱን ከሆነ፣ አመታቱን የሚያይ ሌላ ዓላማ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለተኛ ዓላማ ጨመርኩ፦ «ሰርቭ ሲመታ ከ4ቱ የአመታት ምልክቶች ቢያንስ 3ቱን ያሳያል።» ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ከሚመታው እጅ ተቃራኒ የሆነው እግር ከፊት ይቀመጣል፤ ኳሷ በሌላኛው እጅ ወገብ አካባቢ ትያዛለች፤ የሚመታው ክንድ ወደ ኋላ ሄዶ ሳይታጠፍ ወደ ፊት ይመጣል፤ ከምት በኋላ ክብደቱ ፊት ባለው እግር ላይ ያርፋል።

ምልክቶቹ እውነት የሚታዩ መሆናቸውን ለማወቅ የክፍል ባልደረባዬን ጠራኋት። ሁለታችንም አንድ ወረቀት ይዘን፣ ሳንነጋገር፣ ለተመሳሳይ ተማሪዎች «አለ» ወይም «የለም» ብለን ምልክት አደረግን። ከዚያ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጥን። እግርን በሚመለከት ተስማማን። ኳስ አያያዝ ላይም ተስማማን። በዚያን ጊዜ ዝርዝሩ ውስጥ «ሰውነቱን በአግባቡ ያዘጋጃል» የሚል አምስተኛ ምልክት ነበር፤ እሱ ላይ በጣም ተለያየን።

«አንተ ምኑን አይተህ ነው የለም ያልከው?» አለችኝ።

«ጉልበቱን አላጠፈም።»

«እኔ እኮ ያየሁት ትከሻውን ነው፤ ወደ መረቡ ዞሯል።»

«በአግባቡ» የሚለው ቃል ለእያንዳንዳችን የተለያየ ቦታ ያሳየን ነበር። ያን ምልክት አወጣነው። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም አዲስ ምልክት የምፈትነው በዚህ መንገድ ነው። ሁለት መምህራን በአንድ ተማሪ ላይ ደጋግመው ከተለያዩ፣ ስህተቱ ተማሪው ላይ ወይም መምህራኑ ላይ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ ላይ ነው። «በጥሩ ሁኔታ»፣ «በትክክል»፣ «በብቃት» የሚሉት ቃላት ሁልጊዜ እዚህ ፈተና ላይ ይወድቃሉ። ከባልደረባ ጋር አንድ ክፍለ ጊዜ መስጠት ለዚህ በቂ ነው።

ቀጥሎ ዓላማዎቹንና ምዘናውን አንድ ወረቀት ላይ አስቀመጥኩ። በግራ ዓላማዎቹ፣ በቀኝ ደግሞ ማርክ የሚያስገኝ ነገር በሙሉ፤ የጽሑፍ ፈተናው ጥያቄዎችም ሳይቀሩ። ከዚያ በመስመር አገናኘኋቸው። ሁለት ዓይነት ብቸኞች ወዲያው ታዩ። አንደኛው ወገን ዓላማ የሌለው ጥያቄ ነው። የጽሑፍ ፈተናው «መረብ ኳስ በስንት ዓመት ተፈጠረ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ እ.ኤ.አ. 1895 ነው፣ ዊልያም ሞርጋን፣ አሜሪካ። እውነት ነው፣ ግን በምዕራፉ ውስጥ ይህን የሚጠይቅ አንድም ዓላማ የለም። ማርክ ይበላል፣ ያስተማርኩትን ግን አይለካም። ሌላው ወገን ምዘና የሌለው ዓላማ ነው። «የቡድን ሥራን ያደንቃሉ» የሚለው አጠገቡ ምንም መስመር አልነበረውም።

የታሪኩን ጥያቄ አወጣሁት። በቦታው ከሰርቩ ጋር የሚገጥም ጥያቄ አስገባሁ። ዓላማው «የሌላ ተማሪን ሰርቭ አይቶ ስህተቱን ይጠቁማል» የሚል ነው። ስለዚህ ጥያቄው ላይ ቀኝ እግሩን ከፊት አድርጎ በቀኝ እጁ የሚመታ ልጅ ሥዕል አለ፤ ተማሪው ስህተቱን ያከብባል፣ እንዴት እንደሚታረምም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። «ይጠቁማል» ካልኩ በእውነት ወይም ሐሰት ጥያቄ ልመዝነው አልችልም። በግምት ግማሹን ያገኘዋል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደብኝ በክንድ መቀበል ነው። አሮጌው ዓላማ «በጨዋታ ውስጥ ኳስን በክንድ ይቀበላል» ይላል። ምዘናው ግን ተማሪው ከግድግዳ ጋር ብቻውን ሲያንጠባጥብ መቁጠር ነበር። ሁለቱ አይገናኙም። ግድግዳው ኳሷን ወደዚያው ቦታ ይመልሳታል፤ በጨዋታ ኳሷ የምትመጣው ካላሰብከው አቅጣጫ ነው። ከግድግዳ ጋር ጎበዝ የሆኑ ተማሪዎች ጨዋታ ውስጥ ግንባራቸው ላይ የምትመጣን ኳስ በክንድ ለመቀበል ሲሞክሩ አየሁ። ክህሎቱ አላቸው፤ መቼ እንደሚጠቀሙበት ግን አልተማሩም።

ስለዚህ ዓላማውን ለሁለት ከፈልኩት። የመጀመሪያው፦ «ከ3 ሜትር በጓደኛው ከተወረወረለት ኳስ ከ5ቱ 3ቱን፣ ክንዶቹን አጋጥሞና ዘርግቶ፣ ከጭንቅላት ከፍታ በላይ ለወርዋሪው ይመልሳል።» ሁለተኛው፦ «በ3 ለ 3 ጨዋታ ከደረት በታች የመጣን ኳስ በክንድ፣ ከግንባር በላይ የመጣን በጣቶች ለመጫወት ይመርጣል።» ለሁለተኛው ምዘና የማየው ምርጫውን ብቻ ነው። ኳሷ ወዴት ሄደች የሚለውን አልቆጥርም። ትክክለኛ ምርጫ ሲሆን በስሙ ፊት አንድ ጭረት፣ ካልሆነ ክብ አደርጋለሁ። ኳሷ ከሜዳ ብትወጣም ምርጫው ትክክል ከሆነ ጭረት ነው። መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቹ ይህን አላመኑም ነበር፤ ውጤቱን እንዲያዩት ወረቀቱን ስሰጣቸው ገባቸው።

ይህ ሁሉ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ይቻላል ወይ? በአንድ ቀን አይቻልም። ለእያንዳንዱ 5 ሰርቭ ማለት 300 ምት ነው። እኔ የማደርገው ክፍሉን በትንንሽ ቡድን ከፍዬ በተለያየ ቦታ እንዲለማመዱ ማድረግ ነው። የምመዝነው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ለአንድ ተማሪ 2 ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 12 ተማሪ ከመዘንኩ ለማሟሟቂያና ለማቀዝቀዣ 16 ደቂቃ ይተርፈኛል። በ5 ክፍለ ጊዜ ክፍሉ ያልቃል። የቀሩት እርስ በርሳቸው በዚያው የምልክቶች ወረቀት ይተያያሉ፤ ያ ግን ለመማር እንጂ ለማርክ አይደለም። ጓደኛ ለጓደኛ ማርክ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል፦ ኳሱ። ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉት ኳሶች አየራቸው እኩል አይደለም። የተነፈሰች ኳስ የደረሳት ልጅ ከጓደኛዋ እኩል ብትመታም አታሳልፍም። ስለዚህ ምዘናው ላይ ሁሉም የሚመቱት በአንድ ኳስ ነው፤ ነፋስ የበረታ ቀን ደግሞ ውጤቱን ትቼ ምልክቶቹን ብቻ እመዝናለሁ።

«ሁኔታ» የሚለው ክፍል ሌላ ጥቅምም አለው። በክራንች የሚሄድ ተማሪ ነበረኝ። ግሱን አልለወጥኩለትም፤ እሱም «ያሳርፋል»። የለወጥኩት ሁኔታውን ነው፦ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከመረቡ 4 ሜትር ርቆ፣ መረቡም ዝቅ ብሎ። ከምልክቶቹ የእግሮቹን ሁለት አውጥቼ በቦታቸው የጀርባን ቀጥ ማለትና የዓይንን ኳስ ላይ መቆየት አስገባሁ። ከጥግ ቆሞ ነጥብ መዝጋቢ ከመሆን ይልቅ እንደማንኛውም ተማሪ ተመዘነ።

«ያደንቃሉ» የሚለው ዓላማ ግን እስከ መጨረሻው አስቸግሮኛል። በ«ጓደኛው ሲሳሳት ምልክቶቹን ተጠቅሞ ያርመዋል» እና «በተራው ኳስ ያቀብላል» ተካሁት፤ እነዚህ ይታያሉ። ማርክ ግን አላስቀመጥኩባቸውም። ማርክ ሲኖር ተማሪው መምህሩ ሲያይ ብቻ ጨዋ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የምመዝነው ትብብሩን ሳይሆን ትወናውን ነው። ስለዚህ በመስመር ወረቀቱ ላይ ከእነዚህ ጎን «አስተያየት ብቻ» ብዬ ጻፍኩ። በየሁለት ሳምንቱ ያየሁትን ለየተማሪው በቃል እነግራቸዋለሁ። የትምህርት ክፍል ኃላፊው ይህ መስመር ለምን ነጥብ እንደሌለው ጠይቆኛል፤ ምክንያቱን ነገርኩት፣ ተቀበለኝ። በሚቀጥለው የጂምናስቲክ ምዕራፍ ደግሞ ተማሪ ለተማሪ ድጋፍ ሲሰጥ እጁን የት እንደሚያስቀምጥ በትክክል ማየት ስለሚቻል፣ እዚያ ነጥብ እሰጥበታለሁ።