ከቁመት በፊት የተባዛ ክብደት

አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ ጂም የአመጋገብ አማካሪ ሆኜ ስሠራ፣ አንድ የሂሳብ ባለሙያ በሳምንት ሦስት ቀን ክብደት ማንሳት ጀምረው ነበርና በቀን ምን ያህል ፕሮቲን መመገብ እንዳለባቸው እንድነግራቸው ወደ እኔ ተላኩ። የኩላሊት ምርመራቸው ደህና መሆኑን አረጋገጥኩ፤ ሚዛን ላይ ሲወጡም 108 ኪሎ መዘኑ። እኔም የለመድኩትን 2 ግራም በኪሎ አባዝቼ በቀን 216 ግራም ብዬ ጻፍኩላቸው፣ ወረቀቱንም ይዘው ሄዱ።

ወሩ የዐቢይ ጾም መግቢያ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ የበሉትን ሁሉ የመዘገቡበትን ደብተር ይዘው ሲመለሱ የመጀመሪያ ቃላቸው፣ «ልጄ፣ አንቺ የጻፍሽልኝን መብላት ሌላ ሥራ ሆነብኝ» የሚል ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ ያንን ሁሉ ፕሮቲን በሁለት ማዕድ መጨረስ ነበረባቸው። ለፕሮቲን ዱቄቱ ቦታ ለመስጠት እንጀራውን ቀንሰዋል፣ ሆዳቸው ይነፋል፤ በስኳት፣ ማለትም ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ በመነሳት፣ የሚያነሱት ክብደት ደግሞ ጨምሮ መገኘት ሲገባው ቀንሷል። ለልምምድ ጉልበት የሚሰጠው በአብዛኛው ከእንጀራው የሚገኘው ካርቦሃይድሬት ስለሆነ፣ እሱን ሲቀንሱ መድከማቸው የሚጠበቅ ነበር።

ስህተቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ የራሴን ወረቀት ማየት በቂ ነበር፤ ቅጻችን ክብደት እንጂ ቁመት አይጠይቅም ነበር። ቁመታቸውን ስለካው 1.70 ሜትር ሆነ። በዚህ ቁመት የጤናማ ክብደት የላይኛው ጠርዝ፣ ማለትም ቁመት በቁመት ተባዝቶ እንደገና በ25 ሲባዛ፣ 72 ኪሎ ያህል ነው። ከዚያ በላይ ያለው 36 ኪሎ በአብዛኛው ስብ ሲሆን፣ ስብ ደግሞ እንደ ጡንቻ ብዙ ፕሮቲን አይፈልግም። ስለዚህ ከትርፉ ሩቡን ብቻ፣ 9 ኪሎ፣ በ72ቱ ላይ ጨምሬ ስሌቱን በ81 ኪሎ ሠራሁት። ይህ ሩብ የባለሙያዎች ግምት እንጂ ትክክለኛ ልኬት አይደለም፤ ሆኖም በ108 ከማባዛት እጅግ ይሻላል።

ማባዣውም ቢሆን በዝቶ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 49 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ እንዳሳየው፣ ክብደት በሚያነሱ ሰዎች ላይ የቀን ፕሮቲኑ በአማካይ በኪሎ 1.6 ግራም አካባቢ ከደረሰ በኋላ ተጨማሪ ፕሮቲን በጡንቻ እድገት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣም። በሳምንት ሦስት ጊዜ ለሚሠራ ሰው ከ1.2 እስከ 1.6 ያለው በቂ ነው ብዬ አምናለሁ። ለእሳቸው ይህ ከ97 እስከ 130 ግራም ማለት ሲሆን፣ በጾም ወቅት የሚቻለውን አስበን 115 ላይ ተስማማን። ይህም በልምምድ ቀን ብቻ ሳይሆን በየቀኑ መሆኑን አጥብቄ ነገርኳቸው፤ ጡንቻ ከልምምዱ በኋላ ለአንድ ቀንና ከዚያም በላይ ራሱን መጠገኑን ይቀጥላልና።

ደብተሩን ሳገላብጥ ግን ሌላ ነገር ዓይኔን ያዘው። በአንድ ቀን ስር «ምስር 300 ግራም፣ ፕሮቲን 72» ተብሎ ተጽፏል። ምስሩን የመዘኑት ተቀቅሎ ከወጣ በኋላ ነበር፤ የተጠቀሙበት ቁጥር ግን የደረቁ ነው። ደረቅ ምስር በ100 ግራም 24 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲኖረው፣ የተቀቀለው ውኃ ስለጠጣ 9 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ 72 ያሉት በእውነቱ 27 ነበር። ይህ ማለት ያን ሁሉ እየተጨነቁም 216 ላይ ደርሰው አያውቁም።

አዲሱን ዕቅድ አብረን ስንጽፍ ሁሉንም በደረቁ አደረግነው፦ 250 ግራም የጤፍ ዱቄት በእንጀራ መልክ 30 ግራም ያህል ይሰጣል፣ 100 ግራም ምስር 24፣ 100 ግራም የሽሮ ዱቄት 20 ገደማ፣ 50 ግራም ለውዝ 12 ያህል። ቀሪው ወደ 30 ግራም የሚጠጋው ከአኩሪ አተር የፕሮቲን ዱቄት በአንድ ጊዜ የሚገኝ ነው፤ የወተት ተዋጽኦ የሆነው ዱቄት ለጾም ስለማይሆን ጣሳው ላይ የተጻፈውን አብረን አነበብን።

እንጀራው ወደ ማዕዳቸው ከተመለሰ በኋላ የሆዳቸው መነፋት ቀነሰ፣ በአራተኛው ሳምንትም ስኳቱ ቀድሞ ከነበረበት ክብደት አለፈ። ቅጻችን ላይ ከክብደት በላይ የቁመት መስመር ጨምሬያለሁ፤ እሳቸውም ምስሩን የሚመዝኑት ድስቱ ከመጣዱ በፊት ነው።