ረዳታችን ለሕክምና ትምህርት ቤት የጻፈችው ገጽ

ደሴ ውስጥ ባለችው መድኃኒት ቤታችን ረዳት ሆና የምትሠራው ልጅ የባዮሎጂ ምሩቅ ናት። በተማረችበት ሥራ ስታጣ ነው እኛ ዘንድ የገባችው። ዕቃ ትረከባለች፣ የመጠቀሚያ ጊዜያቸው የተቃረቡትን መድኃኒቶች ወደ መደርደሪያው ፊት ታወጣለች፣ ማዘዣ ተቀብላ ለእኔ ታቀብላለች፣ ሒሳብ ትይዛለች። መድኃኒት ግን አታድልም። ፈቃዱ የእኔ ነው፣ የእሷ አይደለም።

በአገራችን ሕክምና የሚገባው ተማሪ አብዛኛው በፈተና ውጤቱ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው እንዲማሩበት በ2004 ዓ.ም. የተጀመረ ሌላ መንገድም አለ፤ እሷም ዓይኗን የጣለችው እዚያ ላይ ነበር። ያመለከተችበት ትምህርት ቤት ከውጤቷ በተጨማሪ «ለምን ሐኪም መሆን ፈለግሽ?» የሚለውን በአንድ ገጽ ጻፊ አላት። አንድ ማታ ልንዘጋ ስንል ወረቀቱን አመጣችው።

«ጋሼ፣ እስኪ ይቺን ይዩልኝ። ካልሆነችም ካልሆነች ይበሉኝ።»

አነበብኩት። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰውን መርዳት እወድ ነበር» ብሎ ይጀምራል። መሐል ላይ «በመድኃኒት ቤት ለሕሙማን መድኃኒት በማደል ሰፊ ልምድ አካብቻለሁ» ይላል። ወደ መጨረሻው ደግሞ «በረመዳን የአንድ አባትን ሕይወት አትርፌያለሁ» የምትል አንዲት መስመር አለች። አለቀ። ያቺን ቀን አብረን ነበርንና፣ በአንድ መስመር መቅረቷ አናደደኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ አንድ ሐጂ ከሐይቅ ከተማ በኩል ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ጋቢ ለብሰዋል። «ልጄ፣ ራሴን አሞኛል፣ ጉልበቴም ከዳኝ፤ ቫይታሚን ቢጤ ካለሽ ስጪኝ» አሏት። ልጁም «ጾም ነው፣ ደከመው እንጂ ሌላ ምንም የለም» አለ። ቫይታሚን ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ነው፤ ሒሳብ ተቀብላ ብትሸኛቸው ማንም አይወቅሳትም ነበር። እሷ ግን ግንባራቸውን አየች። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያን ቀን እኔ ራሴ ካፖርት ደርቤአለሁ፣ የሐጂ ግንባር ግን ላብ ያወርዳል። ገንዘብ ሲቆጥሩ ደግሞ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ብሩንም ሁለቴ ተሳሳቱት።

«ሐጂ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለቻቸው። ከኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ የክኒን ቅጠል አወጡ። ግሊቤንክላማይድ 5 ሚሊግራም። ቀና ብላ «ጋሼ፣ ይምጡ!» ስትለኝ ድምፅዋ እንደወትሮው አልነበረም።

ግሊቤንክላማይድ ለስኳር ሕመም የሚሰጥ የቆየ መድኃኒት ነው፤ ዋጋው ርካሽ ስለሆነ በገጠር ብዙ ሰው ይወስደዋል። ከጨጓራ ጀርባ ያለችው ቆሽት የደም ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንድታወጣ ይገፋፋታል። ችግሩ ሰውየው ይብላም አይብላም መግፋቱን አያቆምም። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስ ምታትና ግራ መጋባት ደግሞ የደም ስኳር ሲወርድ የሚመጡ ምልክቶች ናቸው። ጾመኛ ሰው ላይ ሲታዩ «ረሃብ ነው» ተብለው በቀላሉ ይታለፋሉ።

ጣታቸውን ወግቼ ለካሁ። 51። ከ70 በታች የሆነ ሁሉ ዝቅተኛ ነው፤ 51 ላይ ደግሞ ዝም ብሎ አይጠበቅም። «ሐጂ፣ አሁኑኑ ስኳር መጠጣት አለብዎት» ስላቸው ፊታቸውን አዞሩ። «ወላሂ አላፈጥርም! መግሪብ ሊደርስ ምን ቀረው?» የቀረው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነበር። ያን ያህል ጊዜ አልነበረንም። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ስለ ጾማቸው ብናገር ምን ያህል እንደሚሰሙኝ ገባኝ። ረዳታችን ወጥታ ጎረቤታችን ያሉትን ጨርቅ ነጋዴ ጠርታ መጣች። እሳቸውም ገና ከበሩ «አብሽር ሐጂ፣ ለታመመ ሰው አላህ ፈቅዷል፤ ሌላ ቀን ቀዷ ያወጣሉ። ራስን መጉዳት ግን አልተፈቀደም» አሏቸው። ሐጂ ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያው ቢስሚላህ» ብለው ብርጭቆውን ተቀበሉ።

ሦስት የሻይ ማንኪያ ሙሉ ስኳር በውኃ በጥብጠን ነበር፤ 15 ግራም ገደማ ይሆናል። ከዚያ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት ነው። ቶሎ ቶሎ እየለኩ ስኳር መደራረብ አያስፈልግም፤ የተዋጠው ደም ውስጥ እስኪገባ ጊዜ ይፈልጋል። በሁለተኛው ልኬት 79 ሆነ፣ ላቡም ቆመ። የልጅ ልጃቸው ፊቱ በርቶ «በቃ ድነዋል፣ እንሂድ» አለ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ስኳሩ የሚሠራው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ግሊቤንክላማይድ ግን ሰውነት ውስጥ ሆኖ አንድ ቀን ሙሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊሠራ ይችላል። አሁን ከፍ ያለው ቁጥር ሌሊት እንቅልፍ ላይ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ሆስፒታል መግባት ነበረባቸው። እኔ ይህን ለልጁ ሳስረዳ እሷ ሐጂ አጠገብ ተቀምጣ ትጠይቃለች፣ ትጽፋለችም። ዛሬ ስንት ወሰዱ? በስንት ሰዓት? ሱሁር ላይ ምን ቀመሱ?

ምክንያቱም የወጣው እዚያው ነው። ከረመዳን በፊት ጠዋት አንድ ማታ አንድ ይወስዱ ነበር። ጾሙ ሲገባ «ቀን የሚበላ የለም፣ እንግዲህ ሁለቱንም ሱሁር ላይ ልዋጠውና ቀኑን ይያዝልኝ» ብለው ወሰኑ። በዚያ ሌሊት የቀመሱት ደግሞ ሻይና ጥቂት ቂጣ ብቻ ነው። ክኒኑ ላይ የተጻፈው «ጠዋትና ማታ» የተሰላው ለበላተኛ ቀን ነው፤ ምግቡ ሰዓቱን ሲቀይር መድኃኒቱም መቀየር አለበት፤ ይህን ደግሞ ሰውየው ብቻውን ሊያውቀው አይችልም። ከረመዳን በፊት ሐኪም ጋ ቢቀርቡ ኖሮ ዋናው መጠን ወደ ኢፍጣር ይዞራል፣ የሱሁሩ ይቀነሳል፣ ወይም ክኒኑ ራሱ ስኳር በማውረድ ብዙ በማያስቸግር ሌላ ይተካል።

ልጅቱ የጻፈቻትን ወረቀት አየሁና ፈርሜባት ሐጂ ይዘዋት ሄዱ። የክኒኑ ስም፣ መጠኑ፣ የተወሰደበት ሰዓት፣ ሁለቱ ልኬቶችና የሰጠናቸው ስኳር፣ ሁሉም ከነሰዓቱ አለበት።

ከጥቂት ቀን በኋላ የልጅ ልጁ ሊያመሰግን መጣ። የፈራነው ደርሷል፤ ሌሊት ስኳሩ እንደገና ወርዶ በደም ሥር ግሉኮስ ተሰጥቷቸዋል። ሲመረመሩም ኩላሊታቸው ደክሞ ተገኘና መድኃኒታቸው ተቀየረ። እሱ ከሄደ በኋላ እሷ ያዘችኝ። «ጋሼ፣ ኩላሊቱን ከዚህ ምን አገናኘው?» ግሊቤንክላማይድን ጉበት ይሰባብረዋል፤ ስብርባሪው ግን ራሱ ጥቂት ኃይል አለው፤ በከፊል የሚወጣውም በኩላሊት ነው፤ ኩላሊት ሲደክም ይጠራቀማል አልኳት። «እኛ ታዲያ ይህን ከዚህ መስኮት ማየት አንችልም ማለት ነው?» አለችኝ። አንችልም። ለእኛ የሚደርሰን ማዘዣው ነው፤ የደም ምርመራው ውጤት ሐኪሙ ጋ ይቀራል። ሳምንቱን ሙሉ እሱኑ ስትጠይቀኝ ሰነበተች።

ወደ ወረቀቷ ልመለስ። መጀመሪያ የሰረዝኩት «መድኃኒት በማደል» የሚለውን ነው። ያላደረገችው ነገር ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንባቢዎቹ የሙያው ሰዎች ናቸው፤ «በየትኛው ፈቃድ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚያነቡት። ሥራዋ ማዘዣ መቀበልና መደርደሪያ ማስተካከል መሆኑን በግልጽ ብትጽፍ አያሳንሳትም፤ ላቡን ያየችው እኮ እዚያው ቆማ ነው። «ሕይወት አትርፌያለሁ»ንም ሰረዝኩት። ያየችው እሷ፣ የለካሁት እኔ፣ ያሳመኑት ነጋዴው፣ ያዳኗቸው የሆስፒታሉ ሰዎች ናቸው። ይህ በትክክል ሲጻፍ የእሷ ድርሻ ደምቆ ይወጣል።

«ግን ጋሼ፣ የእኔ ድርሻ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ሆነ እኮ» አለች ቅር ብሏት።

«እንግዲያው ሦስቱን ጥያቄ ጻፊያቸዋ።»

ዋናው ጉድለት ግን የኩላሊቱ ነገር አለመኖሩ ነበር። ከመድኃኒት ቤት የሚመጣ አመልካች የማይቀርለት ጥያቄ «ለምን ፋርማሲ አትማሪም?» የሚለው ነው። እሷ መልሱን ሳምንቱን ሙሉ ስትነዘንዘኝ ከርማ ወረቀቱ ላይ አንዲት ቃል አላሰፈረችውም። «ፋርማሲ ጠባብ ነው» ብላ እንዳትጽፍም አስጠነቀቅኳት፤ እውነትም አይደለም፣ እኔንም ያስቀይመኛል።

በአዲሱ ጽሑፍ ላይ እንዲህ ብላ አስገባችው፦ «ሰውየው ከበራችን ሲወጡ ስኳራቸው 79 ነበር። ሌሊት እንደገና እንደወረደና ከምክንያቶቹ አንዱ የደከመ ኩላሊት እንደነበር የሰማሁት ከቀናት በኋላ ነው። መድኃኒቱን ከእኛ መስኮት አውቀው ነበር፤ ሰውየውን ግን አላውቃቸውም ነበር። ምርመራውን ለማዘዝ፣ ውጤቱን ለማንበብና መድኃኒቱን ለመለወጥ የሚያበቃውን ትምህርት ነው የምፈልገው።» የልጅነቱ መግቢያ ጠፋ። «ሐጂ» እና «ሐይቅ» የሚሉትንም አስወጣናቸው፤ «ዕድሜያቸው የገፋ አንድ ጾመኛ አባት» በቂ ነው፤ የሰው ሕመም ከነአድራሻው ማመልከቻ ላይ አይለጠፍም። ከገጹ ግማሽ ያህሉ ለዚህ ገጠመኝ ሆነ፤ ቀሪው ለትምህርቷና ለሌላው ሥራዋ።

እንግዲህ አንድ ነገር ከጻፍሽ ትጠየቂበታለሽ ብያት ስለነበር ማታ ማታ እጠይቃት ነበር። ለምን 15 ደቂቃ? ለምን ሆስፒታል? ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ያልተለማመድነውን አመጡባት። አንዱ መምህር «ሰውየው ራሳቸውን ስተው ቢሆን ኖሮ ስኳሩን ታጠጫቸው ነበር?» አላት።

«አላጠጣም» ብላለች። «መዋጥ የማይችል ሰው አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ወደ ሳንባው ይሄዳል። በጎናቸው አስተኝቼ ጋሼን እጠራለሁ፣ መኪና እፈልጋለሁ።»

«ጋሼ ማን ነው?» ብሏት ሳቀ መምህሩ።