ሁለትና አምስት አይገናኙም ብዬ ነበር

መብራት የለም። ዝናቡ ከምሽት ጀምሮ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። እንዲህ ባለ ሌሊት ብዙ ጊዜ የሚመጣብኝ ያልደወልኩለት ሰው ወይም ያልጨረስኩት ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን የያዘኝ የእህቴ ልጅ ደብተር ላይ ያየሁት አንድ መልስ ነው። x = -3 ይላል። አይቼው “ጎበዝ!” አልኳት። አሁን በጨለማ ውስጥ ሳስበው ልክ አይደለም።

ከሰዓት መጥታ ነበር። የክረምት ትምህርት ጀምራለች፤ የደረሱት የኤክስፖነንሻል ኢኩዌሽን ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች እንደ ቆሎ ቆረጠመቻቸው። 8^x = 32 ሲሏት 8ን 2^3፣ 32ን 2^5 ታደርጋለች። ቤዙ እኩል ከሆነ ፓወሩም እኩል ነው፤ ስለዚህ 3x = 5። አለቀ። ቀጥሎ ይሄኛው መጣ፦

2^(x+3) = 5^x

ዝም አለች። ከዚያ “እቴቴ፣ እነዚህ እኮ እኩል አይሆኑም” አለችኝ። እውነቷን ነው። 2ን ስንት ጊዜ በራሱ ብታባዢው መጨረሻው 2፣ 4፣ 8 ወይም 6 ነው። 5ን ብታባዢው ሁልጊዜ በ5 ያልቃል። አንዱ ሁሌ ተጋማሽ፣ ሌላው ሁሌ ኢተጋማሽ። ዜሮን ካልቆጠርን በሙሉ ቁጥር ፓወር የትም አይገናኙም። እኔም የተማርኩትን ነገርኳት፤ “ቤዙን እኩል ማድረግ ካልተቻለ ሁለቱም ጎን ላይ ሎግ ውሰጂ።” ይህን ብዬ ቡናውን ለማየት ተነሳሁ።

ስመለስ ጨርሳዋለች። የጻፈችው ይህ ነበር፦

x + 3 log 2 = x log 5

ደብተሯ ላይ log 2 = 0.3010፣ log 5 = 0.6990 ተብሎ ተሰጥቷል። ስለዚህ x + 0.9030 = 0.6990x አለች። 0.3010x = -0.9030። ስታካፍለው ልክ -3 ወጣ። ምንም ትርፍራፊ የለውም። እሷም ደስ አላት፣ እኔም ደስ አለኝ። ቁጥሩ እንዲህ ንጹህ ሆኖ ሲወጣ ማን ይጠራጠራል?

ስህተቱ ቅንፉ ነው። ፓወሩ x+3 ነው፤ ወደ ፊት ሲወርድ ሙሉውን መውረድ አለበት፤ (x+3) log 2። እሷ ሎጉን ለ3 ብቻ ሰጥታ x-ን ባዶ እጁን ተወችው። ይህ ስህተት የተለመደ ነው፤ እኔም በተማሪነቴ ሠርቼዋለሁ። ያስደነገጠኝ መልሱ ያን ያህል ማማሩ ነው። ለምን -3 ልክ ሆኖ ወጣ ብዬ በስልኬ መብራት ወረቀት ላይ ጫርኩ። በእሷ ስህተት x የሚባዛው በ1 - log 5 ነው። 2 እና 5 ሲባዙ 10 ስለሆኑ ደግሞ 1 - log 5 ራሱ log 2 ነው። ስለዚህ -3 log 2 ለ log 2 ተካፈለ ማለት ነው። ሎጉ ከላይም ከታችም ተሰርዞ ስህተቱን ደበቀው። ቁጥሮቹ 2 እና 7 ቢሆኑ ኖሮ መልሱ የተጨማለቀ አስርዮሽ ይሆንና ቆም ብለን እናየው ነበር።

ለማረጋገጥ የሚፈጀው ግን አሥር ሰከንድ ነው። -3ን መልሰሽ አስገቢው። በግራ 2^0፣ ማለትም 1። በቀኝ 5^-3፣ ማለትም 1/125። አይገናኙም። እንዲያውም ሎጉን ከመንካት በፊት ሁለት ሙሉ ቁጥር መሞከር ይበቃል። x = 2 ሲሆን ግራው 32፣ ቀኙ 25። x = 3 ሲሆን ግራው 64፣ ቀኙ 125። መጀመሪያ ግራው በልጦ ነበር፣ ኋላ ቀኙ በለጠ። ስለዚህ የሚገናኙት በ2 እና በ3 መካከል ነው። ይህን አስቀድሜ ባሳያት -3 ሲወጣ ራሷ ትደነግጥ ነበር። ይህ ነው የሚቆጨኝ። ዘዴውን ነገርኳት፤ መልሱ የት አካባቢ መሆን እንዳለበት የምታውቅበትን ዓይን ግን አልሰጠኋትም።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። (x+3) × 0.3010 = 0.6990x። ቅንፉ ሲፈታ 0.3010x + 0.9030 = 0.6990x። x-ዎቹን ወደ አንድ ወገን ስንሰበስብ 0.9030 = 0.3980x። x ወደ 2.27 ይሆናል። መልሼ ሳስገባው ሁለቱም ጎን 38.6 አካባቢ ሆነ። በ2 እና በ3 መካከልም ነው። እፎይ አልኩ።

እዚህ ላይ ስልኩን አጥፍቼ መተኛት ነበረብኝ። ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። “ቤዙን እኩል ማድረግ ካልተቻለ ሎግ ውሰጂ” አልኳት አይደል? ለዓመታት እንደ ጸሎት ስደግመው የኖርኩት አባባል ነው። አሁን ሳስበው አባባሉ ራሱ ልክ አልመሰለኝም።

log 2 = 0.3010 ማለት ምን ማለት ነው? 10 ወደ 0.3010 ፓወር ከፍ ሲል 2 ይሆናል ማለት ነው። log 5 = 0.6990 ደግሞ 10^0.6990 ወደ 5 ይደርሳል ማለት ነው። እንግዲያው ያንን ኢኩዌሽን ያለ ሎግ ልጽፈው እችላለሁ። 2ን አንስቼ በቦታው 10^0.3010 አስገባለሁ። 5ን አንስቼ 10^0.6990 አስገባለሁ፦

10^(0.3010(x+3)) = 10^(0.6990x)

ቤዙ እኩል ሆነ! በሁለቱም በኩል 10። ከዚህ በኋላ ሥራው ያው ከሰዓት እንደ ቆሎ የቆረጠመችው ነው፤ ቤዝ እኩል፣ ፓወር እኩል። ሎግ መውሰድ ማለት ቤዞቹን እኩል ማድረግ ነው። አዲስ ዘዴ አይደለም፤ ያው የድሮው ዘዴ ነው። ልዩነቱ ፓወሮቹ ሙሉ ቁጥር መሆናቸው መቅረቱ ብቻ ነው። 8 እና 32 በ2 ቤት ይገናኛሉ። 2 እና 5 እርስ በርስ በሙሉ ቁጥር ባይገናኙም በ10 ቤት ይገናኛሉ።

እንዲህ ሲጻፍ ደግሞ ቅንፉን መርሳት ይከብዳል። 2 ራሱ 10^0.3010 ከሆነ፣ 2^(x+3) ማለት ፓወር ላይ ፓወር ነው፤ 0.3010 ከሙሉው x+3 ጋር ይባዛል። x-ን ለብቻው የሚያስቀር መንገድ አይታይም። በሎግ ሲጻፍ ግን ሕጉን በቃል ካልያዝሽው በስተቀር ቅንፉ በቀላሉ ይጠፋል። ነገ መጀመሪያ የማሳያት ይሄን ነው።

ይህን እያሰብኩ እንግሊዛዊውን የሒሳብ ሊቅ ሄንሪ ብሪግስን አስታወስኩ። ሎጋሪዝምን በ1614 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያወጣው ስኮትላንዳዊው ጆን ኔፒየር ነው። ብሪግስ በዓመቱ ኤድንበራ ድረስ ሄዶ ጎበኘው፤ መሠረቱን 10 ማድረግ እንደሚሻልም ተስማሙ። ከዚያ ብሪግስ ተቀምጦ በእጁ አሰላ። በ1624 ያሳተመው መጽሐፍ የ30,000 ቁጥሮችን ሎግ እስከ 14 አሃዝ ድረስ ይዟል። ይህን ታሪክ ሳነበው ትዕግሥቱ ነበር የሚገርመኝ። አሁን ግን ሥራው ምን እንደነበር የገባኝ መሰለኝ። ሰውየው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየጠራ በአንድ ቤዝ ሥር ሲያስቀምጣቸው ነበር። እኛ በትምህርት ቤት መጽሐፍ የመጨረሻ ገጾች ላይ የምናገላብጠው ሰንጠረዥ ይሄው ነው።

ግን ይሄም ድንበር አለው። 2^x + 5^x = 40 ቢሏትስ? እዚህ ሎግ አይረዳም። ሎግ ማባዛትን ወደ መደመር ይቀይራል፤ መደመር ፊት ሲደርስ ግን ይቆማል። ብዙ ተማሪ log(2^x + 5^x)ን x log 2 + x log 5 ብሎ ይበታትነዋል። ይህ ድምሩን ሳይሆን ብዜቱን መውሰድ ነው፤ 10^x = 40 ብሎ እንደመጻፍ። በ10 ቤት ብጽፈውም ሁለት የተለያዩ ፓወሮች ተደምረው ይቀራሉ፤ “ቤዝ እኩል፣ ፓወር እኩል” የሚባል ነገር የለም። እንዲህ ያለው ላይ ያለን መንገድ መሞከር ነው። x = 2 ሲሆን 29፣ x = 3 ሲሆን 133፤ ስለዚህ ከ2 ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ከዚያ እያጠበቡ መሄድ።

ዝናቡ ቀነስ ብሏል። እኔ ግን ነገ የምትጠይቀኝን አውቀዋለሁ። መልሱ 2.27 ነው ስላት “5ን 2.27 ጊዜ በራሱ እንዴት አድርጌ ነው የማባዛው?” ትለኛለች። ለዚያ መልስ አለኝ። 2.27 ማለት 227 መቶኛ ነው። 5ን 227 ጊዜ አባዝተሽ መቶኛ ሥሩን ትፈልጊያለሽ። ያሰለቻል፣ ግን ይቻላል።

ችግሩ 2.27 መጠጋጊያ መሆኑ ነው። እውነተኛው መልስ 2.269… እያለ ይቀጥላል፤ አያልቅም፣ አይደጋገምም። ክፍልፋይ ቢሆን ኖሮ የሁለቱን ጎን ሥር አስወግደን የ2 ሙሉ ፓወርና የ5 ሙሉ ፓወር እኩል ይሆኑ ነበር፤ እነሱ ደግሞ የትም አይገናኙም። 5ን በ2 ቤት ብጽፈውም ያው ነው። 2^2.3 ወደ 4.92 ነው። 2^2.32 ወደ 4.993። 2^2.322 ደግሞ 5ን በትንሹ ያልፋል። ከታችም ከላይም እየጠበበ ይመጣል፤ በየትኛውም ደረጃ ላይ ባቆም ግን 5 ላይ አልደርስም። መጽሐፉ “የሚጠጋውን ቁጥር እንወስዳለን” ብሎ ያልፈዋል። እኔም አልፌው ኖሬያለሁ።

ታዲያ ነገ 5 = 2^2.3219… ብዬ የእኩል ምልክቱን ስጽፍላት፣ እርሳሷን ነጠብጣቦቹ ላይ አድርጋ “እቴቴ፣ እኩል የሚሆነው የቱ ጋ ስንደርስ ነው?” ብትለኝ ምን እላታለሁ?