ከ5 ወደ 7 በመቶ፦ ስንት ጨመረ?

የኢኮኖሚ ዜና ሳነብ ካልኩሌተር አጠገቤ ማስቀመጥ ልማድ ሆኖብኛል። ሰሞኑን የቆዩ ዜናዎችን እየጎረጎርኩ ነው የምለማመደው፣ አንዱን ላካፍላችሁ።

በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ አሳደገ። ስንት ጨመረ? አፍ ላይ ቶሎ የሚመጣው "2 በመቶ" ነው። ግን የ5 ሁለት በመቶ 0.1 ብቻ ናት፣ ስለዚህ ወለዱ የምር 2 በመቶ ቢጨምር ኖሮ 5.1 ላይ ይቆም ነበር። የጨመረው 2 ፐርሰንቴጅ ፖይንት ነው፣ ማለትም ከ7 ላይ 5 ሲቀነስ የሚቀረው ቀጥታ ልዩነት። በፐርሰንት እንናገር ካልን ደግሞ 40 በመቶ። 100 ሺህ ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመት 5,000 ብር ያገኝ የነበረው 7,000 ሆነለት ማለት ነው፤ በ5.1 ቢሆን 5,100 ብቻ ነበር የሚደርሰው።

በዚያው ጊዜ ብርም ተዳክሟል፣ ዶላር ከ23.42 ገደማ ወደ 26.92 ገደማ ወጣ፣ ይህ ወደ 15 በመቶ ይጠጋል። እዚህ ግራ የሚያጋባ ነገር የለም፣ ምክንያቱም ዋጋው የሚለካው በብር ነው። ጣጣው የሚመጣው የሚለወጠው ነገር ራሱ በፐርሰንት ሲለካ ነው።

ደስ ያለኝ ነገር፦ ፖይንት ሲወጣም ሲወርድም እኩል ነው። ከ5 ወደ 7 ሁለት፣ ከ7 ወደ 5 ሁለት። ፐርሰንቱ ግን መውጫው 40፣ መውረጃው 28.6 ገደማ፣ መነሻው ስለተቀየረ። ስለዚህ "በ40 በመቶ" ብቻ ካያችሁ ከስንት ተነስቶ ብላችሁ ጠይቁ።

ሥራ አጥነትም ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ በማርች 2020 4.4 በመቶ የነበረው በኤፕሪል 14.7 ተባለ። ልዩነቱ 10.3 ፖይንት ነው፣ መጠኑ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኗል። "በ10 በመቶ ጨመረ" ብሎ የጻፈ ሰው ሳያውቀው 4.8 በመቶ አካባቢ ነው ያለው።

አሁን የያዝኩት የብድር ነገር ነው፣ እሱ ትንሽ ጠመዝማዛ ነው። በ10 ዓመት በየወሩ እኩል የሚከፈል 1 ሚሊዮን ብር ብድር አስቡ። ወለዱ 14 በመቶ ሲሆን የወር ክፍያው 15,527 ብር ገደማ ነው፣ 17 ሲሆን 17,380 ገደማ። ወለዱ በ3 ፖይንት፣ ማለትም በ21 በመቶ ግድም ጨመረ፣ ክፍያው ግን 12 በመቶ ብቻ። ከክፍያው ውስጥ ዋናውን ገንዘብ የሚመልሰው ድርሻ ስላለ ነው፣ ወለድ ሲጨምር እሱ አብሮ አያድግም። ስለዚህ ባንኩ ወለድ ከፍ አድርጌያለሁ ሲላችሁ ሁለቱንም ቁጥር ትታችሁ አዲሱ ወርሃዊ ክፍያ በብር ስንት እንደሆነ ጠይቁ። የመክፈያ ጊዜው ባጠረ ቁጥር ደግሞ ጭማሪው ይበልጥ ይቀንሳል፣ በ5 ዓመት ስሌቱን እየሠራሁት ነው።